ስማችንን ስንፈልግ የሚወጣው ስለ ወንዙ ነው፤ ሰው ስለ ሽሮአችን የሚለውን የት እንስማ?

ባለወፍጮዋ (ደብረ ማርቆስ)

እንዴት ሰነበታችሁ። እኛ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀን የምንሸጥ ጥቂት ሴቶች ነን። እዚሁ ከተማችን፣ ባሕር ዳር ባሉ ሱቆችና በቴሌግራም ትእዛዝ አዲስ አበባ ድረስ እንሸጣለን። በዚህ ዓመት ሁለት ነገር መወሰን አለብን። አንደኛው በገጻችን ላይ ምን እንጻፍ የሚለው ነው፤ ከፎቶና ከዋጋ በስተቀር የምንለው አጥተናል። ሁለተኛው አዲስ ዓይነት ሽሮ እንጨምር ወይስ ያለውን እናሻሽል የሚለው ነው። ሰው ስለ እኛም ሆነ ስለ ተፎካካሪዎቻችን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለውን ብንሰማ ለሁለቱም መልስ እናገኛለን ብለን ተነሣን።

ነገር ግን ስማችንን በፌስቡክና በቴሌግራም ስንፈልግ የሚወጣው ሌላ ነው። ስማችን የአካባቢያችን ወንዝ ስም ስለሆነ ስለ ወንዙ፣ ስለ ድልድዩና በስሙ ስለሚጠሩ ሌሎች ነገሮች ይመጣል። ስለ ሽሮው ከተጻፈው አብዛኛውን የጻፍነው እኛው ነን። በየወር በዶላር የሚከፈልበት መከታተያ ሊሸጥልን የመጣ ሰው ለሙከራ ሲያሳየን ሠንጠረዡ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሻጩም «ስለ እናንተ የሚያወራ ሰው የለም» አለን። ሱቆቹ ግን ዕቃ አለቀብን እያሉ ይደውሉልናል። ሰው በእርግጥ ዝም ብሏል ወይስ እኛ ነን የሚያወራበትን ቦታ ያላወቅነው?

ዳሞት

እህቴ፣ ሰው ዝም አላለም። የተወለድሁት ፍኖተ ሰላም ነው፤ አሁን የምኖረው አዲስ አበባ ሲሆን ሥራዬ የገበያ ጥናት ነው። የባልትና ውጤቶችን በተመለከተ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገርሽ።

በአማርኛ ስለ ሽሮ የሚያወራ ሰው የአምራቹን ስም እምብዛም አይጠራም። «ባለፈው ከሱቅ የገዛሁት»፣ «ያ አረንጓዴ ላስቲክ ያለው»፣ «የባልትናው ሽሮ» ይላል። ስለዚህ ስም ፍለጋ የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። መነሻ መሆን ያለበት ሰው ስለ ዕቃው የሚያማርርበት፣ የሚያወድስበትና የሚጠይቅበት ቃል ነው። ጓጎለብኝ፣ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ውሃውና ሽሮው ይለያያል፣ አይንተከተክም፣ ቅመም በዝቶበታል፣ ነቀዘብኝ፣ ከምን የተሠራ ነው፣ ይህን የመሰለውን ሁሉ ዘርዝራችሁ ጻፉ። ዝርዝሩን ከእናንተ መካከል ስልክ የምታነሣው ሴት ከማንም በተሻለ ታወጣዋለች፤ ደንበኛ የሚለውን በየቀኑ የምትሰማው እርሷ ነችና።

ቦታውን በተመለከተ፣ ብዙ ወሬ ያለው በሦስት ስፍራ ነው። የመጀመሪያው በዩቲዩብና በቲክቶክ ከምግብ አሠራር ቪዲዮዎች ሥር ያለው አስተያየት ነው። ሁለተኛው የቤት እመቤቶች ምክር የሚለዋወጡባቸው የቴሌግራምና የፌስቡክ ቡድኖች ናቸው። ሦስተኛውና ሰው የሚረሳው ከተፎካካሪ ማስታወቂያ ሥር የተጻፈው አስተያየት ነው። እኔ ብሆን ከዚህ እጀምራለሁ። በተለይ ባለቤቱ መልስ ሳይሰጥባቸው የቀሩትን ጥያቄዎች ልቀሙ። ጠያቂው ለመግዛት ተቃርቦ አንድ ነገር ያገደው ሰው ነውና የእርሱ ጥያቄ ከአሥር ምስጋና ይልቅ ይጠቅማችኋል።

የመከታተያው ሠንጠረዥ ባዶ የሆነበትም ምክንያት አለው። እነዚህ መሣሪያዎች ማየት የሚችሉት መድረኮቹ የከፈቱላቸውን ብቻ ነው። ከሌላ ሰው የፌስቡክ ገጽ ሥር ያለው አስተያየት በአብዛኛው አይደርሳቸውም፤ የተዘጉ ቡድኖችንም አያዩም። የፌስቡክን የአደባባይ ጽሑፎች ለመከታተል ብዙዎች ይጠቀሙበት የነበረውን ክራውድታንግልን ሜታ በነሐሴ 2024 በፈረንጆች አቆጣጠር ዘግቶታል፤ በምትኩ ያቀረበው የይዘት ማከማቻ ለተመራማሪዎች እንጂ ለነጋዴ አይደለም። ስለዚህ ባዶ ሠንጠረዥ ስለ መሣሪያው ዓይን እንጂ ስለ ደንበኞቻችሁ ምንም አይነግራችሁም።

ሰፊ መንገድ (ባሕር ዳር)

እኔ የድርጅቶችን ገጽ በማስተዳደር እተዳደራለሁ። ወንድም ዳሞት ነገሩን አከበደው። የጎግል ማንቂያ በስማችሁና በተፎካካሪዎቻችሁ ስም ክፈቱ፤ ነጻ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ የተነሣውን ሁሉ ጥሩ፣ መጥፎና መሐለኛ ብላችሁ ቁጠሩ። የእናንተን ከእነርሱ ጋር አወዳድሩ። የእነርሱ መጥፎው ሲበዛ በዚያው ርእስ ማስታወቂያ ልቀቁ። በእጅ መቁጠር ከከበዳችሁ ስሜትን በራሱ የሚለይ ፕሮግራም አለ።

ዳሞት

በየሳምንቱ መመልከትና ከተፎካካሪ ጋር ማወዳደር ያልከው ትክክል ነው፤ እኔም አለመጥቀሴ ጉድለት ነበር። የተቀረው ላይ አልስማማም።

የጎግል ማንቂያ የሚያመጣው ድረ ገጽ ላይ የወጣ ጽሑፍ ነው። ስለ ደብረ ማርቆስ ሽሮ ዜና የሚጽፍ ድረ ገጽ የለም። የስሜት መለያውም በአማርኛ ገና አይታመንም። «አይጓጉልም» ምስጋና ነው፤ «ጓጉል» የሚለውን አይቶ ቅሬታ ብሎ ይመዘግበዋል። «እሳት ነው» ያለው ሰው እያደነቀ ይሁን ቃሪያው በዝቶበት የሚያውቀው ንግግሩን የሰማ ብቻ ነው። «የዚህ ሽሮ ነገር ጉድ ነው» የሚለውን እኔ ራሴ ከላይና ከታች ያለውን ሳላነብ ልፈርድበት አልችልም። አነስተኛ አምራች በወር የሚያገኘው ጥቂት መቶ አስተያየት ነው፤ ያን ሰው ቢያነበው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በጥሩና በመጥፎ መመደቡም ብዙ አይረዳም። «ጥሬ ጥሬ ይላል» እና «ላስቲኩ ተቀደደብኝ» ሁለቱም መጥፎ ናቸው፤ አንዱ የሚታረመው ምጣዱ ላይ ነው፣ ሌላው ማሸጊያው ላይ። መመደብ ያለበት በጉዳዩ ነው።

ሌላም አለ። በዐቢይ ጾም ወቅት ስለ ሽሮ የሚወራው ይጨምራል፤ ከፋሲካ በኋላ ይወርዳል። ይህን ያላሰበ ሰው በመጋቢት «ዝናችን ወጣ» ይላል፣ በግንቦት «ምን አጠፋን» እያለ ይጨነቃል። ማወዳደር ያለባችሁ የራሳችሁን የዚህን ወር ከባለፈው ወር ጋር ሳይሆን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ የእናንተን ከሌሎቹ ጋር ነው።

ሰፊ መንገድ (ባሕር ዳር)

የጾሙን ነገር አላሰብሁትም፤ ልክ ነህ። ግን የሥራ ባልደረቦቼ መቶኛ ካላዩ አያምኑም። ለባለሀብት «አነበብሁት» ብለህ ሪፖርት ማቅረብ አትችልም።

የሆቴሏ (ባሕር ዳር)

እኛም ዘንድ ይህ ችግር አለ። ሆቴላችን ጣና ዳር ነው፤ በጎግል ካርታ ላይ እንግዶች የሚጽፉትን እናያለን። የውጭ አገር እንግዳ ረጅም ጽሑፍ ይጽፋል፤ ያገራችን ሰው ግን አምስት ኮከብ ወይም አንድ ኮከብ ሰጥቶ ይሄዳል። አንድ ኮከብ የሰጠው በምን እንደተከፋ እንዴት ይታወቃል? የወረደብንን ኮከብ ማስነሣት ይቻላል ወይ? የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ባለወፍጮዋ (ደብረ ማርቆስ)

እህቴ፣ የእኛ ጥያቄ ከኮከብ ትንሽ ይለያል፤ ሰው በገጻችን ላይ ሳይሆን በሌላ ቦታ የሚናገረውን ነው የምንፈልገው። ነገር ግን የሚናገረውና ኮከብ ብቻ ሰጥቶ የሚሄደው ሰው የተለያየ መሆኑን ማንሣትሽ ጠቅሞኛል። እኛም ጋር የሚጽፉት አብዛኞቹ ከአዲስ አበባና ከውጭ አገር ያሉ ናቸው፤ የማርቆስ ደንበኛ አይጽፍም።

ዳሞት፣ የቃላት ዝርዝሩን አወጣን። አሁን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ስንፈልግ አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይቀራል። እዚያው ቡድን ውስጥ በዓይናችን ያየነውን ጽሑፍ ፍለጋው አያገኘውም። ለምን ይሆን?

ፊደል ለቃሚ (ደብረ ማርቆስ)

ይህን እኔ ልመልስ፤ ኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ በዚህ ነገር ብዙ ተቸግሬአለሁ። የቴሌግራም ፍለጋ ቃሉን ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ነው የሚያመሳስለው። «ሽሮ» ስትሉት «ሽሮው»ን ያገኛል፤ «የሽሮ»፣ «ከሽሮ»፣ «ለሽሮ» ግን ያመልጡታል። በአማርኛ ደግሞ ቃል እንዲህ ያለ ፊደል ከፊቱ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁሉንም ለየብቻ መፈለግ ይኖርባችኋል።

ሁለተኛው አጻጻፍ ነው። ሽሮን «ሺሮ» የሚል አለ፣ ሽምብራን «ሽንብራ»፣ ጣዕምን «ጣእም» ወይም «ጣም» የሚል አለ። በላቲን ፊደል `shiro`፣ `shro`፣ `shimbra` እያለ የሚጽፈውም ብዙ ነው።

የሚሻለው የቡድኑን ጽሑፍ አውርዶ በራስ ኮምፒውተር ላይ መፈለግ ነው። በኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ቴሌግራም ቡድኑን ከፍታችሁ ከላይ በስተቀኝ ካሉት ሦስት ነጥቦች `Export chat history` የሚለውን ምረጡ፤ ፎቶና ቪዲዮውን ትታችሁ ጽሑፉን ብቻ አውርዱ። የቡድኑ ባለቤት ይዘት እንዳይወጣ ከከለከለ ግን አይሠራም። ከዚያ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት ነው፤ እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው፦

```python
def andadrig(s):
    for ke, wede in ("ሐሀ", "ኀሀ", "ሠሰ", "ዐአ", "ጸፀ"):
        for i in range(7):
            s = s.replace(chr(ord(ke) + i), chr(ord(wede) + i))
    return s.replace("ሃ", "ሀ").replace("ኣ", "አ")
```

የምትፈልጉትንም ቃል፣ የወረደውንም ጽሑፍ በዚህ አሳልፉት። «ጣዕም» እና «ጣእም» አንድ ይሆናሉ። «ሽምብራ» እና «ሽንብራ»ን ግን አያስታርቅም፤ እርሱ የድምፅ ልዩነት ስለሆነ ሁለቱንም በዝርዝራችሁ ላይ መጻፍ አለባችሁ።

የዩቲዩብ አስተያየት በቀላሉ ይገኛል። ዩቲዩብ ለፕሮግራም ጸሐፊዎች በከፈተው በር አንድ ጥያቄ እስከ 100 አስተያየት ያመጣል፤ በነጻ የሚሰጠው የቀን ኮታም ለእናንተ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ከፈለጋችሁ መጥቼ አስተካክልላችኋለሁ፤ ወፍጮ ቤታችሁ ለግቢያችን ቅርብ ከሆነ።

ባለወፍጮዋ (ደብረ ማርቆስ)

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥህ። መጥቶ አስተካከለልን፤ ሁለታችን በሠንጠረዥ አሰፈርነው። በአንድ ረድፍ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የተባለውን ቃል በቃል፣ ጉዳዩንና መልስ አግኝቶ እንደሆነ እንጽፋለን። የሰውን ስም አንጽፍም።

አሁን ያየነውን ልንገራችሁ። ከሁለት ተፎካካሪዎች ማስታወቂያ ሥር የተጻፈውን አነበብን። መጀመሪያ «ዋው»፣ «ምርጥ» የሚለው በዝቶ ነበር፤ ኋላ ስናይ ሽልማት አለ ተብሎ ሰው አስተያየት እንዲጽፍ የተጠየቀበት ማስታወቂያ ነው። እርሱን ሙሉ በሙሉ አወጣነው። ዋጋ የጠየቁትንም ለብቻ አደረግን፤ እነርሱ ብዙ ናቸው፣ ግን ስለ ሽሮው ምንም አይሉም።

ከተረፈው ውስጥ እኔ የጠበቅሁት ስለ መጓጎልና ስለ ቅመም ነበር። እርሱም አለ። ሳልጠብቀው ተደጋግሞ ያገኘሁት ግን «ጓያ አለበት?» የሚለው ጥያቄ ነው። «ከምን ከምን ነው የተሠራው»፣ «ንጹሕ ሽምብራ ነው?»፣ «ጓያ ካለበት አልፈልግም»፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። ከእነዚህ አንዱም መልስ አላገኘም። ከአሠራር ቪዲዮዎች ሥርም ይኸው ጥያቄ አለ። እኛ ጓያ አናስገባም፤ ነገር ግን በማሸጊያችን ላይ አልጻፍነውም፤ ለእኛ ግልጽ ስለሆነ የሚጠየቅ አልመሰለንም ነበር። እንግዲህ «ጓያ የሌለው ሽሮ» ብለን በትልቁ እንጻፍ?

ሰፊ መንገድ (ባሕር ዳር)

ምን ጥያቄ አለው! ይህ ወርቅ ነው። «ጓያ እግር ያሽመደምዳል፤ የእኛ ሽሮ ጓያ የለውም» ብላችሁ ቪዲዮ ሥሩ። ተፎካካሪዎቹም መልስ ስለሌላቸው ዝም ይላሉ። በሳምንት ውስጥ ይሰራጫል።

የቢቸናው ጡረተኛ

ልጆቼ፣ ይህን አታድርጉ። ዕድሜዬን በጤና ሙያ ያገለገልሁት በጎጃም ገጠር ነው፤ ጓያ ያሽመደመዳቸውን ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ነገሩ እውነት ስለሆነ ነው በጥንቃቄ መነገር ያለበት።

ጓያ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ በውስጡ አለ። ሰውን የሚያሽመደምደው ግን ሌላ እህል ሲጠፋ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ በብዛት ሲበላ ነው። እግር ከተያዘ በኋላ አይመለስም። ድርቅ ሲመጣ ሌላው አዝመራ ሲጠፋ ጓያ ይተርፋል፤ ውሃ የሚቋጥረውን ጥቁር መሬትም ይችላል፤ ስለዚህ ድሃው ገበሬ በክፉ ቀን የሚይዘው እርሱን ነው፣ ጉዳቱም የሚወርደው በእርሱ ላይ ነው። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና መቁላት መርዙን ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ ግን አያጠፋውም። ከተማ ውስጥ ከሌላ ምግብ ጋር አልፎ አልፎ ጓያ የገባበት ሽሮ የበላ ሰው እንዲህ ይሆናል ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። በቪዲዮ «እግር ያሽመደምዳል» ብትሉ የምታስፈራሩት ተፎካካሪያችሁን ብቻ አይደለም፤ ጓያ የሚዘራውን የገዛ አገራችሁን ገበሬና ትናንት የበላችውን እናት ጭምር ነው።

ዳሞት

ጋሼ የተናገሩትን ሁሉም ደጋግሞ ያንብበው። እኔ ከሙያዬ በኩል የምጨምረው የጥያቄውን አነባበብ ነው።

ባለወፍጮዋ፣ «ጓያ አለበት?» ብለው የጠየቁትን ሁሉ በአንድ ሰልፍ አታቁሚያቸው። ጽሑፎቹን እንደገና ብታዪ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰዎች ታገኛለሽ ብዬ እጠብቃለሁ። አንዱ በጤና ምክንያት የሚፈራው ነው። ሁለተኛው ጓያው ርካሽ ስለሆነ በሽምብራ ዋጋ ጓያ እንዳይሸጥለት የሚጠነቀቀው ነው፤ የእርሱ ቅሬታ ስለ መታለል እንጂ ስለ ጤና አይደለም። ሦስተኛው ደግሞ ጓያ የገባበትን ሽሮ የሚወደውና የሚፈልገው ነው፤ የጓያ ሽሮ ይጣፍጣል የሚል ሰው በጎጃምም በጎንደርም ሞልቷል። ሦስቱም የጻፉት ቃል አንድ ሊሆን ይችላል። የሚለያቸው ከጥያቄው በፊትና በኋላ የጻፉት ነው። መለየት ያልተቻለውን «አይታወቅም» በሚል ረድፍ አስቀምጪው፤ ወደ ፈለግሽው አትግፊው።

መቁጠር ያለብሽም ሰውን ነው። አንዲት ሴት በአምስት ማስታወቂያ ሥር አንድ ጥያቄ ብትጽፍ አንድ ሰው ናት። ስም አለመመዝገባችሁ መልካም ነው፤ አገራችን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አውጥታለች፤ በዚያ ላይ የሰዎችን ስም ዝርዝር ይዛችሁ የምትሠሩት ሥራ የለም። ተደጋጋሚውን ለመለየት «ሀ1»፣ «ሀ2» የሚል ምልክት ይበቃል።

ሦስቱንም የሚያረካው መልስ አንድ ነው፤ በማሸጊያው ጀርባ ከምን ከምን እንደተሠራ በግልጽ መጻፍ። ሽምብራ ይህን ያህል፣ ቅመሙ እነዚህ እነዚህ። «ጓያ የለውም» የሚለውን ከዚያ ሥር በትንሹ ጻፉት እንጂ ፊት ለፊት አታድርጉት። ፊት ለፊት ስትጽፉት ጓያን አስቦ የማያውቀውን ገዢ ጥርጣሬ ታስይዙታላችሁ። ደግሞም አንዴ ከጻፋችሁ ወፍጮአችሁን መጠበቅ አለባችሁ። የሌላ ሰው እህል በዚያው ወፍጮ ይፈጫል?

ባለወፍጮዋ (ደብረ ማርቆስ)

ይፈጫል። የሰፈር ሰው ያመጣል። ይህን አላሰብነውም።

ዳሞት

እንግዲያውስ ከጽሑፉ በፊት እርሱ ይፈታ። ወይ ለራሳችሁ እህል የተለየ ቀን ወስናችሁ ወፍጮውን አጽድታችሁ ጀምሩ፤ ወይ «ጓያ አላስገባንም» እንጂ «ፈጽሞ የለውም» አትበሉ። አንድ ሰው ከረጢቱ ውስጥ ቢያገኝ ከተፎካካሪያችሁ ሥር ያነበባችሁት ወሬ ወደ እናንተ ይዞራል።

ለገጻችሁ የሚሆነው ጽሑፍም ከዚሁ ይወጣል። እህሉ ሲገዛ እንዴት እንደምትለዩት፣ ሲታመስ ጥሬ እንዳይሆን ምን እንደምታዩ፣ ሲከካ፣ ሲፈጭ አሳዩ። የጓያ ፍሬና የሽምብራ ፍሬ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚታይበት አንድ ፎቶ ብዙ ጥያቄ ይመልሳል። በተፎካካሪ ማስታወቂያ ሥር ገብታችሁ ግን «የእኛ የለውም» ብላችሁ አትጻፉ፤ ጠያቂው እዚያ የሄደው እናንተን ሊያገኝ አይደለም።

አበባ (ቡሬ)

እኔ ሱቅ አለኝ፤ የናንተንም የሌሎችንም ሽሮ እሸጣለሁ። ሁሉን አነበብሁ፤ ግን የኔን ደንበኛ አላየሁትም። እኔ ዘንድ የሚመጣ ሰው ዩቲዩብ ሥር አይጽፍም። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር ረሳችሁት? በዚያን ጊዜ ከጎጃም የወጣ ወሬ ስለሌለ ሰው ሽሮ መብላት አላቆመም። አሁንም ቢሆን ዳታ ለዘመድ መደወያ እንጂ አስተያየት መጻፊያ አይደለም።

የኔ ደንበኛ ስለ ጓያ አይጠይቀኝም፤ ምን እንደገባበት ቀምሶ ይነግርሻል። የሚጠይቀኝ «ሩብ ኪሎ የለም?» ብሎ ነው። ግማሽ ኪሎው ለአንድ ጊዜ ይወደድበታል። ሌላው ማሸጊያው አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም፤ እርጥበት ይገባውና ይጓጉላል፤ ሰው ግን «ሽሮው ይጓጉላል» ብሎ ነው የሚያወራው።

ዳሞት

እትዬ አበባ፣ የመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ ትልቅ ነገር ነው። «ይጓጉላል» የሚለውን እኛ በምጣዱ ወይም በወፍጮው ረድፍ መዝግበነው ነበር። ምናልባት ግማሹ የማሸጊያ ጉዳይ ይሆናል። ባለወፍጮዋ፣ «ይጓጉላል» ያሉትን መልሰሽ እይ፤ ከተገዛ በስንተኛው ጊዜ እንደሆነ የጠቀሰ አለ? «መጀመሪያ ደኅና ነበር» የሚል ካለ ወደ ማሸጊያው ይሂድ።

የኢንተርኔቱም ነገር እውነት ነው። በማኅበራዊ ሚዲያ የምንሰማው የአዲስ አበባንና የውጭ አገሩን ገዢ ነው። የቡሬን ገዢ የምንሰማው በእርስዎ ጆሮ ነው። ባንኮኒው ላይ ደብተር አስቀምጠው ሰው ጠይቆ ያጣውንና ያማረረበትን በቃሉ ቢጽፉልን ከዚያው ሠንጠረዥ ጋር እናኖረዋለን፤ ቦታው «ሱቅ» ተብሎ ይለይ።

አበባ (ቡሬ)

ደብተሩ ይቀመጣል። ልጄ ትጽፋለች።

ሰፊ መንገድ (ባሕር ዳር)

ቪዲዮውን ትቼዋለሁ፤ የጋሼን ቃል ተቀብያለሁ። አንድ ሐሳብ ግን ልጨምር። አንደኛው ተፎካካሪ ለደንበኞቹ ብቻ የከፈተው የቴሌግራም ቡድን አለው። አንዳችን እንደ ደንበኛ ገብተን ብንከታተል ሁሉም ነገር እዚያ ነው። ማስታወቂያ ሥር ከሚጻፈው ይልቅ እዚያ ሰው በግልጽ ይናገራል።

ዳሞት

እኔ አልገባም። እዚያ የሚጽፉት ሰዎች ለሻጫቸው ብቻ እየተናገሩ መሆኑን አምነው ነው። አደባባይ ላይ የተጻፈና በተዘጋ ቤት የተነገረ አንድ አይደለም።

ፊደል ለቃሚ (ደብረ ማርቆስ)

እኔ ግን እንዲህ ጥቁርና ነጭ አይመስለኝም። ቡድኑ በመጋበዣ አድራሻ ለማንም ክፍት ነው፤ ከሽሮአቸው አንድ ኪሎ ገዝቶ የገባ ሰው እውነተኛ ደንበኛ ነው። ጽሑፉን ማውረድ ትክክል ላይሆን ይችላል፤ ማንበቡ ግን ምኑ ላይ ነው ጥፋቱ?

የቢቸናው ጡረተኛ

ልጄ፣ ማንነትህን ቢጠይቁህ እውነቱን ትናገራለህ? መልሱ አይሆንም ከሆነ አትግባ።

ባለወፍጮዋ (ደብረ ማርቆስ)

በዚህ ላይ እኛም ተከራክረን አልተስማማንም፤ ለጊዜው ትተነዋል።

የደረስንበትን ልንገራችሁ። «ይጓጉላል» ያሉትን መልሰን አየን። ጊዜውን የጠቀሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱ ግን የሚበዙት «ከከፈትሁት በኋላ» ይላሉ። እትዬ አበባ ልክ ነበሩ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ግን ሙሉ በሙሉ አላመንሁትም። ስለዚህ ተከፍቶ የሚዘጋ ማሸጊያ ለትንሽ መጠን ብቻ አዘዝን።

የጓያውን ጥያቄ እንደተባለው ስንለየው፣ መለየት ያልቻልነው በዛ። ከተለየው ውስጥ ስለ መታለል የሚያስበው ከጤናው ይበልጣል፤ የጓያ ሽሮ የት አገኛለሁ ያሉም አሉ። ወፍጮውን በተመለከተ ማክሰኞንና ዓርብን ለራሳችን ብቻ አደረግን፤ ሰፈሩ በሌላው ቀን ይፈጫል።

አሁን ሙከራ ልንጀምር ነው። ባሕር ዳር ካሉት ሱቆቻችን ለሁለቱ ይዘቱ የተጻፈበትን፣ ለሁለቱ የድሮውን እንልካለን፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እናቀያይራቸዋለን። የዳሞት ምክር ነው፤ አንዱ ሱቅ በራሱ ብዙ ስለሚሸጥ እንዳያሳስተን። ጾሙ ሳይገባ እንጨርሳለን።

የቀረን ጥያቄ ይህ ነው። ከእኛ መካከል ሁለቱ፣ ጓያ በግልጽ የተጻፈበት ሽሮ ለሚወደው ሰው ለብቻው እናዘጋጅ ይላሉ፤ ፈላጊ እንዳለው አይተናል ብለው። እኔ እፈራለሁ። በአንድ ስም ሁለቱን ብንሸጥ «የእነርሱ ጓያ አለበት» የሚለው ወሬ ንጹሑንም ይነካዋል ብዬ ነው።

የቢቸናው ጡረተኛ

ፍርሃትሽ ትክክል ነው። እኔ አልመክርም፤ ጥቂት ይበላ የነበረው ሰው ርካሽ ሆኖ ሲያገኘው ዘወትር ሊበላው ይችላል።

ዳሞት

ጋሼ፣ የፈለገው ሰው ግን ዛሬም ከገበያ እየገዛ ነው፤ ይዘቱ ሳይጻፍበት። ተጽፎ ቢሸጥ ይሻላል የሚል ሐሳብ አለኝ። ይህን ግን ሠንጠረዡ አይፈታውም፤ የጠየቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው፣ ከእነርሱም ስንቱ ከልቡ እንደሚገዛ አናውቅም። የመጀመሪያው ሙከራ ይለቅ። የአበባን ደብተርም እንየው፤ በእርሷ ሱቅ ጓያ ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው ካለ ቀኑን ጨምራ ትጻፍልን።

አበባ (ቡሬ)

እስካሁን ሦስት ገጽ ሞልቷል። ጓያ የሚል የለም፤ ሩብ ኪሎ የሚል ግን በየገጹ አለ። ሩብ ኪሎውን መቼ ነው የምትልኩልኝ?

ባለወፍጮዋ (ደብረ ማርቆስ)

እትዬ፣ አዲሱ ማሸጊያ በሩብ ኪሎም ታዟል። ሲደርስ የመጀመሪያውን ካርቶን ወደ ቡሬ እንልካለን።